ፍርድ ቤት ወይስ የግልግል ዳኝነት? ለአንድ ሰሊጥ ላኪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የሁመራ ሰሊጥ ወደ እስራኤል እንልካለን። የጣሂና ፋብሪካ ያለው ደንበኛችን ለዓመቱ 285 ቶን የሚሸፍን የውል ረቂቅ ልኮልናል። አንቀጹ "ይህ ውል በእንግሊዝ ሕግ ይገዛል፤ አለመግባባት ሲፈጠር በቴል አቪቭ ፍርድ ቤት ወይም በግልግል ዳኝነት ይታያል" ይላል። ጠበቃችን "አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ይሁን ብላችሁ መልሱለት" ይለናል። የቱ ይሻላል? የእንግሊዝ ሕግ መባሉስ ምን ያመጣብናል?»

ምላሽ፦

የክርክር አፈታት አንቀጽ መጻፍ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ማለትም ከአፈጻጸሙ። ነገ ጠብ ቢነሳ ገንዘብ ጠያቂው ማን ይሆናል? ተጠያቂው ንብረቱን ያስቀመጠው የት አገር ነው? በእጅዎ የሚገባው ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ፍርድም ይሁን የገላጋይ ዳኞች ውሳኔ፣ በዚያ አገር ባንክ ሒሳብ ሊያሳግድ ይችላል ወይ? እነዚህ ከተመለሱ የቀረው ምርጫ አብዛኛው በራሱ ይጠራል።

የእርስዎን ንግድ እንውሰድ። 285 ቶን ማለት በሃያ ጫማ ኮንቴይነር 19 ቶን ቢጫን 15 ኮንቴይነር ነው። ዋጋው ለምሳሌ በቶን 1,700 ዶላር ተቆርጧል፣ ክፍያው ደግሞ ሰነድ በባንክ ሲቀርብ ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ኮንቴይነሮች ሄዱ፣ ተከፈለ። ከዚያ የዓለም ገበያ ወርዶ ሰሊጥ በቶን 1,450 ዶላር ሆነ። ገዢው «ንጽሕናው ከተባለው በታች ነው» ብሎ የቀሩትን የአሥር ኮንቴይነር ሰነዶች ከባንክ ሳያነሳ ቀረ። ዕቃው አሽዶድ ወደብ ተቀምጦ የኮንቴይነር ኪራይና የወደብ ክፍያ ይቆጥራል። እርስዎ ለሌላ ገዢ በወረደው ዋጋ ሸጡት። 190 ቶን በ250 ዶላር ልዩነት 47,500 ዶላር ነው። የወደቡ ወጪ 22,500 ዶላር ቢደርስ በጠቅላላው የሚጠይቁት 70,000 ዶላር ይሆናል።

በዚህ ሁኔታ ከሳሽ እርስዎ ናቸው፣ የተከሳሹ ፋብሪካም ሆነ የባንክ ሒሳቡ ያለው እስራኤል ነው። አሁን ሦስቱን መንገዶች በዚህ 70,000 ዶላር እንፈትናቸው።

ጠበቃዎ ያሉት የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ሲሰሙት ልብ ያሳርፋል። ቋንቋው የራስዎ ነው፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጠበቃውም በአቅራቢያ አለ። ገዢው መጥሪያ ደርሶት ባይቀርብ እንኳ ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ሊፈረድልዎ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ፍርዱን ይዘው ቴል አቪቭ ሲደርሱ ነው። የእስራኤል የውጭ ፍርዶች ማስፈጸሚያ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1958ቱ፣ የእስራኤልን ፍርድ የማያስፈጽም አገር ፍርድ እዚያ እንዳይፈጸም ያደርጋል። እኛም ጋ ያለው ይኸው ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 458 የውጭ ፍርድ እንዲፈጸም ከሚጠይቃቸው ነገሮች የመጀመሪያው ፍርዱን የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ነው። ሁለቱም አገሮች «መጀመሪያ አንተ» የሚባባሉበት በር ላይ ቆመው ያገኟቸዋል። ጉዳይዎ ስለ ሰሊጥ መሆኑ ቀርቶ በሁለት አገሮች መካከል የፍርድ መከባበር አለ ወይስ የለም ወደሚል ክርክር ይዞራል። ለ70,000 ዶላር ይህን የሚታገል ነጋዴ ብዙ አይገኝም። ገዢው ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍ፣ መጋዘን ወይም ተቀማጭ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ የጠበቃዎ ምክር ትክክል ነበር። ንብረቱ እዚህ ካለ የአዲስ አበባ ፍርድ ሙሉ ጉልበት አለው። ከሌለው ግን አሸንፈው ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ።

የቴል አቪቭ ፍርድ ቤት በአንጻሩ ፍርዱ ንብረቱ ባለበት ስለሚሰጥ የአፈጻጸም ጣጣ የለበትም። ይህን ማቃለል አያስፈልግም፤ ተከሳሽን በገዛ አገሩ መክሰስ አንዳንዴ ቀጥተኛው መንገድ ነው። ነገር ግን ክርክሩ በዕብራይስጥ ነው፣ ጠበቃ እዚያ መቅጠር ይኖርብዎታል፣ ሰነዱም ይተረጎማል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የረቂቁ ሌላኛው ግማሽ ነው፦ የእንግሊዝ ሕግ። የእስራኤል ዳኛ የእንግሊዝን ሕግ እንደ አገሩ ሕግ አያውቀውም፤ በባለሙያ ምስክርነት ሊያስረዱት ይገባል። እርስዎም አንድ ባለሙያ፣ ገዢውም አንድ ባለሙያ ያቀርባሉ። ከሁለታችሁ አንዳችሁም የማታውቁትን ሕግ ከፍላችሁ ታስረዳላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው የሕግ ምርጫና የመድረክ ምርጫ አብረው መታየት ያለባቸው። አንዱን ገዢ፣ ሌላውን ሻጭ እየጎተቱ የሚስማሙበት ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የግልግል ዳኝነት ነው። ኢትዮጵያ የኒውዮርክን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃ፣ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በእኛም ላይ ጸንቷል። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አባል ናት። በዚህ ስምምነት አባል በሆነ አገር የተሰጠ የገላጋይ ዳኞች ውሳኔ በሌላው አባል አገር ሲቀርብ፣ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን እንደገና አይከፍትም። እምቢ ሊል የሚችለው በስምምነቱ አንቀጽ 5 በተዘረዘሩ ጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ተከሳሹ በአግባቡ ሳይጠራ ቢቀር፣ ዳኞቹ ያልተሰጣቸውን ጉዳይ ቢወስኑ፣ ውሳኔው በተሰጠበት አገር ቢሻር፣ ጉዳዩ በዚያ አገር ሕግ በግልግል ሊታይ የማይችል ቢሆን ወይም የሕዝብን ሞራልና ፀጥታ የሚነካ ቢሆን። «ዳኛው ንጽሕናውን አሳስቶ መዘነው» የሚል ቅሬታ ከነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ በእርስዎ ሁኔታ 70,000 ዶላሩን ወደ ሒሳብዎ የማምጣት ዕድሉ የሚሰፋው በዚህ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ ስትቀበል ያስቀመጠቻቸውን ገደቦች ልብ ይበሉ። ውሳኔው ከሌላ አባል አገር የመጣ መሆን አለበት፣ የንግድ ጉዳይ መሆን አለበት፣ የግልግል ስምምነቱም ከተቀበለች በኋላ የተደረገ መሆን አለበት። የእርስዎ ውል አዲስ ነውና የመጨረሻው አያሳስብዎትም። ድሮ የፈረማችሁትን ውል በየዓመቱ «ተራዝሟል» እያላችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ ግን የግልግል አንቀጹን በአዲስ ቀን እንደገና ፈርሙት።

ሰይፉ ግን በሁለቱም በኩል እንደሚቆርጥ መናገር አለብኝ። ዋጋው በተገላቢጦሽ ቢወጣ፣ እናንተም ለሌላ በተሻለ ዋጋ ሸጣችሁ ለዚህ ገዢ ሳትጭኑ ብትቀሩ፣ ከሳሹ እሱ ነው፣ ንብረቱ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የእናንተ መጋዘንና ሒሳብ ነው። የቴል አቪቭ ፍርድ ይዞ ቢመጣ ቁጥር 458 ላይ ይሰናከል ይሆናል፤ የግልግል ውሳኔ ይዞ ቢመጣ ግን በኒውዮርክ ስምምነት መሠረት ይፈጸምባችኋል። እንደ ላኪ ዕቃችሁን በጊዜው የምትጭኑ ከሆነ ይህ አያስፈራም፤ ገንዘቡ ሁልጊዜ የሚዘገየው በገዢው እጅ ነውና ሚዛኑ ለግልግል ያደላል። የመጫን ችግር ያለበት ላኪ ግን «ግልግል ይሻላል» ሲባል ሰምቶ ብቻ አይፈርም።

አሁን ወደ ረቂቁ «ወይም» እንምጣ። «በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ዳኝነት» ማለት ሁለቱም በር ክፍት ነው ማለት ነው። እናንተ የግልግል ጥያቄ ስታቀርቡ እሱ ቴል አቪቭ ፋይል ይከፍታል። ከዚያ የመጀመሪያው ዓመት የሚያልፈው የትኛው መድረክ ሥልጣን አለው በሚል ነው። የግልግል ስምምነት ግልጽ ሲሆን ግን ፍርድ ቤት ክሱን ተቀብሎ አያየውም። እኛ አገር ተከሳሹ ይህን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት በጊዜው ማንሳት አለበት፤ መልስ ሰጥቶ ወደ ፍሬ ነገሩ ከገባ በኋላ «ለካ ግልግል ተስማምተን ነበር» ማለት አይቻልም። እርስዎ ቢከሰሱ ጠበቃዎ በመጀመሪያው መልስ ላይ ማንሳቱን ራስዎ ያረጋግጡ።

ግልግል ሲመረጥ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ቃል የመቀመጫው ከተማ ስም ነው። ሰዎች መቀመጫን ስብሰባ የሚደረግበት አዳራሽ አድርገው ያስባሉ። ስብሰባው በቪዲዮ ሊሆን ይችላል፤ መቀመጫው ግን የትኛው አገር ሕግ የግልግሉን ሂደት እንደሚመራና የትኛው አገር ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሊሽር እንደሚችል ይወስናል። የእኛ አገር ታሪክ ይህን በውድ ዋጋ አሳይቷል። የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት የድሮውን ሐዲድ ለማደስ እ.ኤ.አ. በ2006 ኮንስታ ከተባለ የጣሊያን ተቋራጮች ሽርክና ጋር በአውሮፓ ልማት ፈንድ ገንዘብ ውል ገባ። ክርክር ተነስቶ ሔግ የሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ባስተዳደረው ጉባኤ ፊት ቀረበ፤ መቀመጫው ግን አዲስ አበባ ነበር። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ለተቋራጩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ወሰነ። ባቡር ድርጅቱ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ወሰደው። ችሎቱም በመዝገብ ቁጥር 128086 በግንቦት 2010 ዓ.ም. መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ውሳኔውን ሻረው። በዚያን ጊዜ የሰበር አቋም፣ ተዋዋዮች «የገላጋይ ዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ብለው ቢጽፉም ሰበርን አይከለክልም የሚል ነበር። ጉባኤው ከሔግ መመራቱ ምንም አልለወጠም፤ መቀመጫው አዲስ አበባ በመሆኑ የመጨረሻው ቃል የአዲስ አበባ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በአንቀጽ 49 ተዋዋዮች ሌላ ካልተስማሙ በስተቀር ይግባኝ የለም ይላል፤ ስለ ሰበር ግን አቀማመጡ ተገላቢጦሽ ነው። ተዋዋዮች በተቃራኒው ካልተስማሙ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት ውሳኔ ለሰበር ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆኖ አንቀጹ ስለ ሰበር ዝም ካለ ሰበር አለ ማለት ነው። «የመጨረሻ ነው» የሚለው የተለመደ ቃል ለዚህ እንዲበቃ አልመክርም፤ «ተዋዋዮች ውሳኔውን በይግባኝም ሆነ በሰበር ላለማቅረብ ተስማምተዋል» ብሎ በስም ጠርቶ መጻፍ ነው። ውሳኔውን የማሻር መብት በአዋጁ በተቆጠሩት ምክንያቶች ይቀራል፤ ያ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ነው። የውጭ ገዢዎች አዲስ አበባን እንደ መቀመጫ ሲፈሩ የሚጠቅሱት ይህንኑ የባቡር ጉዳይ ነውና፣ ይህን አረፍተ ነገር ከራስዎ ማቅረብ ለድርድርም ይረዳዎታል።

የሕግ ምርጫው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። «በእንግሊዝ ሕግ ይገዛል» የሚለው ሐረግ የሚመልሰው የውሉን ፍሬ ነገር ብቻ ነው፦ ውሉ መቼ ተጣሰ፣ ካሳው እንዴት ይሰላል፣ የመክሰሻ ጊዜው ስንት ነው። የት እንደሚከሰስ፣ ዳኞቹ እንዴት እንደሚሾሙ፣ ማን ውሳኔውን እንደሚሽር አይናገርም። ያን የሚናገረው የመቀመጫው ሕግ ነው። በአንድ ውል ላይ ቢያንስ ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የእንግሊዝ ሕግ የሚገዛው ውል ናይሮቢ ተቀምጦ በኬንያ የግልግል ሕግ መዳኘቱ ምንም እንግዳ ነገር የለውም።

ልዩነቱ በ70,000 ዶላሩ ላይ ምን ይሠራል? በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ቁጥር 1772 ነው። ገዢው ሰነዱን ሳያነሳ ሲቀር ዕቃውን ወዲያው ለሌላ ሸጠው ማስጠንቀቂያ ሳይጽፉ ቢቀሩ፣ ጥያቄዎ ከዚህ ላይ ሊንገዳገድ ይችላል። የዘገየ ክፍያ ሕጋዊ ወለድ በቁጥር 1803 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ70,000 ዶላር ላይ በዓመት 6,300 ዶላር ማለት ነው። የመክሰሻው አጠቃላይ የይርጋ ጊዜ በቁጥር 1845 አሥር ዓመት ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ ለውል ክስ የሚሰጠው ስድስት ዓመት ነው። እነዚህን የኢትዮጵያ ቁጥሮች የጠቀስኩት አገራችንን ለመምረጥ ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በእንግሊዝኛም የታተመ ስለሆነ አንድ የናይሮቢ ወይም የለንደን ገላጋይ ዳኛ ያለ ባለሙያ ምስክር አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። ገዢው «የኢትዮጵያን ሕግ ማን ያውቀዋል» ሲልዎ ይህን ይመልሱለት።

ገዢው «እንግዲያውስ የእስራኤል ሕግ ይሁን» ቢል አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እስራኤል በዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውል ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. የ1980ው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አባል ናት፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። ውሉ በአባል አገር ሕግ ይገዛል ሲባል ያ ስምምነትም የዚያ አገር ሕግ አካል ሆኖ አብሮ ሊገባ ይችላል። መጥፎ ሕግ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሻጭም ይጠቅማል፤ ገዢው ጉድለቱን በተገቢው ጊዜ ካላሳወቀ፣ ቢበዛም በሁለት ዓመት ውስጥ፣ መብቱን ያጣል። ችግሩ ሳያውቁት መግባቱ ነው። ከፈለጉት ጻፉት፣ ካልፈለጉት «ይህ ስምምነት ተፈጻሚ አይሆንም» ብላችሁ አስወጡት።

ቀጥሎ ብዙ ጠበቆች ራሳቸው የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ የግልግል አንቀጹ ራሱ በየትኛው ሕግ ይተረጎማል? የግልግል አንቀጽ ከዋናው ውል ተነጥሎ የሚቆም ስምምነት ነው፤ ዋናው ውል ቢፈርስ እንኳ አንቀጹ አብሮ አይፈርስም። ስለዚህ ውሉ በእንግሊዝ ሕግ ሲገዛ አንቀጹ በመቀመጫው ሕግ ሊገዛ ይችላል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በኤንካ እና ቸብ ክርክር፣ ለውሉ የተመረጠው ሕግ በመደበኛው ለግልግል አንቀጹም ይሆናል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የእንግሊዝ የግልግል ሕግ ደግሞ ይህን ገልብጦ፣ ተዋዋዮች በግልጽ ካልተናገሩ የመቀመጫው ሕግ ይሁን አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድ አገር ሁለት መልስ ማለት ነው። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ «አንቀጹን የፈረመው ሥልጣን የሌለው ሰው ነው»፣ «የእኛ እህት ኩባንያ አልፈረመም» የሚሉ መቃወሚያዎች የሚመዘኑት በዚህ ሕግ ነው። አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።

ስለ ሥልጣን ካነሳሁ አይቀር፣ ውሉን በውክልና የሚፈርም ሰው ካለ የውክልና ሰነዱን ይመልከቱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ወኪል ለግልግል ዳኝነት ለመስማማት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። «በስሜ ማንኛውንም ውል እንዲፈርም» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ይህን አፈጻጸም ላይ ሆኖ ከተከሳሽ ጠበቃ መስማት ያሳዝናል።

የቱንም ሕግ ብትመርጡ የማይነኩ ደንቦች አሉ። የውጭ ምንዛሪን ወደ አገር ስለማስገባትና የወጪ ንግድ ውልን ስለማስመዝገብ የወጡ የኢትዮጵያ መመሪያዎች «የእንግሊዝ ሕግ» ስለተባለ አይነሱም። ገዢው ክፍያውን ውጭ አገር ላለ ሌላ ሒሳብ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ አንቀጽ በእንግሊዝ ሕግ ያለ እንከን ቢቆምም እዚህ ያስጠይቃችኋል።

ወጪውንም በእውነቱ እንየው። ለ70,000 ዶላር ለንደን ላይ ሦስት ገላጋይ ዳኞች ማስቀመጥ ክርክሩን መግደል ነው። ፓሪስ ባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ፋይል ለመክፈት ብቻ የማይመለስ 5,000 ዶላር ይከፈላል፤ ከዚያ የዳኞችና የአስተዳደር ክፍያ ይከተላል። በአንጻሩ ያ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ በኋላ ለተፈረሙ ስምምነቶች እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ያለውን ክርክር በተፋጠነ ሥርዓት፣ በመደበኛው በአንድ ዳኛ ያያል። የእናንተ ዓመታዊ ውል ሁሉ ተደምሮ 484,500 ዶላር ነውና አንድ ዳኛ ይበቃችኋል። እኔ ብሆን መቀመጫውን ናይሮቢ፣ አስተዳዳሪውን የናይሮቢ ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከል አደርግ ነበር፤ ኬንያ የኒውዮርክ ስምምነት አባል ናት፣ ለሁለታችሁም የቤት ሜዳ አይደለም፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ገዢው ከተስማማ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆኖ በአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የግልግል ተቋም ቢታይ ይረክሳል፤ ያኔ የሰበሩን አረፍተ ነገር አይርሱ። ተቋሙን በሙሉ ስሙ መጻፍ፣ አሁንም መኖሩንም ማረጋገጥ ይገባል። ዱባይ ውስጥ ዲአይኤፍሲ-ኤልሲአይኤ የተባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 በመንግሥት አዋጅ ሲፈርስ፣ ስሙን በውላቸው የጻፉ ነጋዴዎች ሁሉ «አሁን ማን ያየዋል» ብለው ተቸግረው ነበር።

የጥራት ጥያቄን ግን ለገላጋይ ዳኛ አትተዉት። ሰሊጥ ላይ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ንጽሕናው 99 በመቶ ነው ወይስ 97 በሚለው ነው። «ጭነት ላይ በገለልተኛ መርማሪ የተሰጠው የናሙና ውጤት የመጨረሻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ኮንቴይነር የታሸገ ናሙና ለ90 ቀን ይቀመጣል» የሚል አንቀጽ ከተጻፈ፣ ገበያ ሲወርድ የሚፈለሰፈው የጥራት ሰበብ ገና ሳይጀመር ይደርቃል።

አንቀጹን እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል፤ በውሉ ቋንቋ በጥንቃቄ ይተርጎም፦

«ይህ ውል በኢትዮጵያ ሕግ ይገዛል። ከዚህ ውል የሚመነጭ ወይም ከውሉ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ክርክር፣ የውሉን መኖር፣ ጽናትና መቋረጥ ጨምሮ፣ በናይሮቢ ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከል ደንብ መሠረት በአንድ ገላጋይ ዳኛ በመጨረሻነት ይወሰናል። የግልግሉ መቀመጫ ናይሮቢ፣ ኬንያ ነው። የግልግሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ይህ የግልግል ስምምነት በኬንያ ሕግ ይገዛል። ማንኛውም ተዋዋይ ዕግድ ወይም ሌላ ጊዜያዊ ጥበቃ ሥልጣን ካለው ፍርድ ቤት መጠየቁ ይህን ስምምነት መተው አይሆንም።»

የመጨረሻው አረፍተ ነገር የሚያስፈልገው ገላጋይ ዳኛ ባንክን ወይም የመርከብ ወኪልን ማዘዝ ስለማይችል ነው። ገዢው ገንዘቡን ሊያሸሽ ነው የሚል ማስረጃ ሲኖርዎ ወደ እስራኤል ፍርድ ቤት ሄደው ዕግድ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ገዢው በኢትዮጵያ ሕግ ካልተስማማ የእንግሊዝን ሕግ መቀበል ይቻላል፤ መቀመጫውንና «አንድ ዳኛ» የሚለውን ግን አትልቀቁ። በድርድር ላይ ላኪዎች ለሕጉ ሲታገሉ መቀመጫውን አሳልፈው ሲሰጡ አያለሁ፤ የሚጎዳው ግን መቀመጫውን መስጠቱ ነው።

ይህ ሁሉ ለወጪ ንግድ ውላችሁ ነው። ሰሊጡን ከምትገዙባቸው የሁመራና የመተማ አቅራቢዎች፣ ከጭነት መኪና ባለንብረቶችና ከመጋዘን አከራዮች ጋር ለምትፈራረሙት ውል ግን ፍርድ ቤቱን አቆየዋለሁ። ንብረታቸው እዚህ ነው። የብዙዎቹ ዕዳ በቼክ ወይም ቁርጥ በሆነ ገንዘብ የተጻፈ ስለሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ጭነት ሲጠፋም ባለመኪናውን፣ ኢንሹራንሱንና አቅራቢውን በአንድ መዝገብ ማጣመር የሚችለው ፍርድ ቤት ነው፤ ገላጋይ ዳኛ ያልፈረመን ሰው ወደ ጉባኤው ማምጣት አይችልም። በአንዳንድ ጉዳዮች ምርጫውም የለም፤ የመሬትና የሊዝ ክርክር፣ ግብር፣ መክሰር በአዋጅ 1237 አንቀጽ 7 ከግልግል ውጭ ናቸው። መጋዘኑ የቆመበትን የሊዝ ይዞታ ለግልግል የሚሰጥ አንቀጽ ብትጽፉ አይጸናም።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ከዓመታዊው ውል ጋር የሚላላኩትን ወረቀቶች ሰብስቡ፦ ለየጭነቱ የምትልኩትን ፕሮፎርማ፣ የገዢውን የግዢ ትእዛዝና በጀርባው የታተመውን ደቃቅ ጽሑፍ። የግዢ ትእዛዙ ጀርባ ላይ «በቴል አቪቭ ፍርድ ቤት» የሚል ካለና እናንተ ማኅተም አድርጋችሁ ከመለሳችሁት፣ የጻፋችሁት አንቀጽ ከራሳችሁ ወረቀት ጋር ይጋጫል። በዓመታዊው ውል ላይ «በዚህ ውል ሥር በሚላኩ ሰነዶች ላይ የሚገኝ ማንኛውም የተለየ የክርክር አፈታት ወይም የሕግ ምርጫ ቃል ተፈጻሚ አይሆንም» የሚል መስመር አስገቡ፤ ከራሳችሁ ፕሮፎርማ ላይ ደግሞ ከሌላ ውል ተቀድቶ የቀረ አንቀጽ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።